በጀት ሲጠብ የትኛው ፕሮጀክት ይቅደም? ስለ ትርፋማነት ኢንዴክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌያችን ፒያሳ አካባቢ ያለ መካከለኛ ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤቱ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹም እንዲሁ ለሒሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ችግሩ ግን ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ በየቢሮው ያለ ነው። ጥሩ ጥሩ የሥራ ሐሳብ ሞልቷል፣ ብሩ ግን ለሁሉም አይበቃም።

ትርፋማነት ኢንዴክስ ምንድን ነው?

አንድ ፕሮጀክት ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ተቆጥሮ፣ ዛሬ ለሚወጣበት ብር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ኢንዴክሱ 1.40 ከሆነ፣ ዛሬ የምታወጡት እያንዳንዱ 1 ብር በዛሬ ዋጋ 1 ብር ከ40 ሳንቲም ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። 1 ላይ ከቆመ ወጪውን ብቻ መለሰ። ከ1 ካነሰ ይቅርባችሁ፤ በጀቱ ቢተርፍም አይገባም።

አንዳንዶች የተጣራውን የአሁን ዋጋ፣ ማለትም ከገቢው የአሁን ዋጋ ላይ ወጪው ተቀንሶ የሚቀረውን ብቻ፣ ለወጪው ያካፍላሉ። ያኔ 1.40 የነበረው 0.40 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱን እንዳትቀላቅሉ ብቻ ተጠንቀቁ።

እንዴት ይሰላል?

ማተሚያ ቤታችን የወረቀት መቁረጫና ማጠፊያ ሊገዛ አስቧል እንበል። ከነማስገጠሚያው 3 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። አሁን ለሌላ ድርጅት ከፍሎ የሚያሠራውን ሥራ ስለሚያስቀርለት፣ በየዓመቱ 1.4 ሚሊዮን ብር ለ5 ዓመት ያተርፍለታል። ባለቤቱ ገንዘባቸው ቢያንስ 20 በመቶ ካላመጣ አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ የወደፊቱን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት የዲስካውንት ምጣኔ 20 በመቶ ነው።

ከዓመት በኋላ የሚገባ 1 ብር በዚህ ምጣኔ ዛሬ 83 ሳንቲም ገደማ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚገባው 69 ሳንቲም፣ በአምስተኛው ዓመት የሚገባው 40 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። አምስቱ ሲደመሩ 2.99 ይመጣሉ። 1.4 ሚሊዮን በ2.99 ሲባዛ ወደ 4.2 ሚሊዮን ነው። ይህን ለ3 ሚሊዮን ስናካፍል 1.40 አገኘን። የተጣራው የአሁን ዋጋ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ኤንፒቪ የምንለው፣ 4.2 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን ብር ነው።

በኤክሴል ከሠራችሁት መነሻ ወጪው B2 ላይ፣ የአምስቱ ዓመት ገቢ ከC2 እስከ G2 ይቀመጥ፦

```
=NPV(20%,C2:G2)/B2
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኤክሴል `NPV` የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚገባ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የዛሬውን ወጪ ቅንፉ ውስጥ ከከተታችሁት እሱንም ከዓመት በኋላ እንደሚወጣ ቆጥሮ ዋጋውን ያሳንስባችኋል፣ ኢንዴክሱም ትክክል አይመጣም። የዛሬው ብር ከቅንፉ ውጭ ይቆይ።

ኤንፒቪው ትልቅ የሆነውን መምረጥ አይበቃም?

በጀት ገደብ ከሌለው ይበቃል። እንዲያውም ምርጫ አያስፈልግም፤ ኤንፒቪው ከዜሮ በላይ የሆነውን ሁሉ ትሠራላችሁ። ገደብ ሲመጣ ግን ጥያቄው ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የምንጠይቀው "ይህ ፕሮጀክት ስንት ያተርፋል?" ሳይሆን "ይህ ፕሮጀክት ከያዘብኝ ከእያንዳንዱ ብር ስንት ያተርፋል?" ነው።

የማተሚያ ቤቱን ዕቅድ እንይ። ቁጥሮቹ በሚሊዮን ብር ናቸው።

| ፕሮጀክት | መነሻ ወጪ | የገቢው የአሁን ዋጋ | ኤንፒቪ | ኢንዴክስ |
|---|---|---|---|---|
| ትልቅ ኦፍሴት ማሽን | 8 | 10.4 | 2.4 | 1.30 |
| ዲጂታል ማተሚያ | 5 | 6.75 | 1.75 | 1.35 |
| መቁረጫና ማጠፊያ | 3 | 4.2 | 1.2 | 1.40 |
| ጄኔሬተር | 4 | 5.0 | 1.0 | 1.25 |
| ዕቃ ማድረሻ መኪና | 2 | 2.2 | 0.2 | 1.10 |

አምስቱም ያዋጣሉ። ሁሉንም ለመሥራት 22 ሚሊዮን ያስፈልጋል፤ የዘንድሮው በጀት 12 ሚሊዮን ነው።

ባለቤቱ ዓይናቸው ያረፈው ኦፍሴቱ ላይ ነው። ኤንፒቪው ከሁሉም ይበልጣላ! በእሱ ከጀመርን 8 ሚሊዮን ሄደ። ቀጥሎ የሚመጣው ዲጂታሉ 5 ስለሚጠይቅ አይገባም። መቁረጫው ይገባል። ድምሩ 11 ሚሊዮን ወጪ፣ 3.6 ሚሊዮን ኤንፒቪ ሆነ። 1 ሚሊዮን ብር ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቀረ።

አሁን በኢንዴክሱ ተራ እንሂድ። መቁረጫው 3 ወሰደ፣ ዲጂታሉ 5 ጨመረ። የቀረን 4 ሚሊዮን ነው። ተራው የኦፍሴቱ ነበር፣ ግን 8 ይፈልጋልና ታለፈ። ጄኔሬተሩ 4 ነው፣ ልክክ ብሎ ገባ። 12 ሚሊዮኑ ተሟጦ ወጣ፣ ኤንፒቪው 3.95 ሚሊዮን ሆነ። በዚያው ብር 350 ሺህ ተጨማሪ ማለት ነው።

"ጋሼ፣ ኦፍሴቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቦታ ስለሚይዝ ነው" ብሎ ማስረዳት እንግዲህ የሒሳብ ሹሙ ፋንታ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ በኢንዴክሱ ተራ ብሄድ ልክ ነኝ?

አይደላችሁም። ብዙ ሰው ትምህርት ቤት ተምሮት የሚረሳው ክፍል ይህ ነው፤ እኔም ከሁሉ ረዘም አድርጌ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ያንኑ ሠንጠረዥ ያዙ። አንድም ቁጥር አትንኩ። በጀቱን ብቻ ከ12 ወደ 11 ሚሊዮን ዝቅ አድርጉት።

በኢንዴክሱ ተራ መቁረጫውና ዲጂታሉ እንደበፊቱ ገቡ፣ 8 ሚሊዮን ሄደ። የቀረው 3 ነው። ኦፍሴቱ አይገባም። ጄኔሬተሩም 4 ስለሆነ አይገባም። የሚገባው በመጨረሻ ተራ ላይ ያለው መኪና ብቻ ነው። ድምሩ 10 ሚሊዮን ወጪ፣ 3.15 ሚሊዮን ኤንፒቪ።

ያንን "የተሳሳተ" ያልነውን መንገድ ደግሞ ሞክሩት። ኦፍሴቱና መቁረጫው አንድ ላይ ልክ 11 ሚሊዮን ናቸው። ኤንፒቪያቸው 3.6 ሚሊዮን ነው። በኢንዴክሱ ተራ ከሄደው በ450 ሺህ ብር ይበልጣል!

ምን ተፈጠረ? የኢንዴክስ ተራ ፍጹም ልክ የሚሆነው ፕሮጀክቱ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ የሚገዛ ቢሆን ነበር። በ12 ሚሊዮኑ በጀት የኦፍሴቱን ግማሽ መግዛት ቢቻል፣ ከመቁረጫውና ከዲጂታሉ ጋር 4.15 ሚሊዮን ይገኝ ነበር። ግማሽ ኦፍሴት ማሽን ግን የሚሸጥ የለም። ዕቃው አይቆረጥም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክፍተት ይቀራል። የክፍተቱ መጠን ነው ተራውን የሚያበላሸው።

ምልክቱን ለማወቅ ሁለት ነገር ተመልከቱ። በተራው ሄዳችሁ ስትጨርሱ ያልተነካ ብር ቀርቷል? ወይም ክፍተቱን ለመሙላት ብላችሁ ከተራው ግርጌ ደካማ ፕሮጀክት አንስታችኋል? ከሁለቱ አንዱ ከታየ ውጤቱን አትመኑት። በ11 ሚሊዮኑ ምሳሌ ሁለቱም አሉ፤ 1 ሚሊዮን ተርፏል፣ መኪናውም ገብቷል። ፕሮጀክቶቹ ብዙና ትንንሽ ሲሆኑ ክፍተቱ ይጠባል፣ ተራውም ይታመናል። ጥቂትና ግዙፍ ሲሆኑ ግን፣ እንደኛ ማተሚያ ቤት፣ ጥንቃቄ ያሻል።

እና ትክክለኛውን ጥምረት በምን አገኛለሁ?

የመጨረሻው ዳኛ የጥምረቱ ጠቅላላ ኤንፒቪ ነው። ኢንዴክሱ ከየት እንደምትጀምሩ ነው የሚያሳያችሁ።

አምስት ፕሮጀክት ካለ፣ ምንም አለመሥራትን ጨምሮ ያለው ጥምረት 32 ብቻ ነው። ከእነሱም 13ቱ ከ12 ሚሊዮኑ በጀት ስለሚያልፉ ወዲያው ይወድቃሉ። በእጅ ተሠርቶ ከአንድ ማኪያቶ በላይ አይፈጅም። ኤክሴል ላይ ከሆነ ኤንፒቪውን H አምድ ላይ አስቀምጡ። I አምድ ላይ ለተመረጠው 1፣ ላልተመረጠው 0 ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያው መስመር ወጪውን፣ ሁለተኛው ኤንፒቪውን ይደምርላችኋል፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,I2:I6)
=SUMPRODUCT(H2:H6,I2:I6)
```

የፕሮጀክቱ ቁጥር 10 ሲደርስ ጥምረቱ 1,024 ይሆናል። ያኔ በእጅ አትድከሙ። የኤክሴል `Solver` የI አምድን 0 ወይም 1 ብቻ አድርጎ፣ ወጪው ከበጀቱ እንዳያልፍ ጠብቆ ይፈልግላችኋል።

የተረፈውን ብር ባንክ ብናስቀምጠውስ?

ባንክ መቀመጡ ራሱ ፕሮጀክት ነው፤ ኢንዴክስም አለው። 1 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ቁጠባ ለዓመት ቢቀመጥ 1.07 ሚሊዮን ይሆናል። በ20 በመቶ ምጣኔ ወደ ዛሬ ሲመለስ 892 ሺህ ብር ነው። ኢንዴክሱ 0.89፣ ኪሳራው 108 ሺህ። ባለቤቶቹ የተረፈውን ወስደው ሌላ ቦታ 20 በመቶ የሚያመጣ ሥራ ላይ ካዋሉት ግን ኪሳራ የለም። ስለዚህ ጥምረቶችን ስታወዳድሩ የተረፈው ብር ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ ጻፉ።

ኢንዴክሱን ስናካፍል ከታች የሚገባው ወጪ የትኛው ነው? ጠቅላላ የማሽኑ ዋጋ?

ከታች የሚገባው የጠበበው ብር ብቻ ነው። ኢንዴክስ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው።

ዲጂታል ማተሚያውን እንውሰድ። ዋጋው 5 ሚሊዮን፣ ኢንዴክሱ 1.35 ነበር። አቅራቢው 4 ሚሊዮን አሁን ክፈሉ፣ የቀረውን በሚቀጥሉት ዓመታት ትከፍላላችሁ አለ እንበል፤ የዚያ ክፍያ የአሁን ዋጋ 1 ሚሊዮን ነው። አሁን ከዘንድሮው በጀት የሚወጣው 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። የወደፊቱ ክፍያ ከገቢው ላይ ይቀነሳል፦ 6.75 ሲቀነስ 1፣ 5.75 ሚሊዮን። ለ4 ሲካፈል ወደ 1.44 ገደማ። ኢንዴክሱ ከመቁረጫው በለጠ፣ ኤንፒቪው ግን ያው 1.75 ነው።

ይህ ማጭበርበር ነው? ክፍያው በእርግጥ ከዘንድሮው ካዝና ካልወጣ አይደለም፤ የዱቤው ጥቅም በትክክል ታየ ማለት ነው። ማጭበርበር የሚሆነው አንድ ክፍል ኃላፊ ፕሮጀክቱን ወደ ላይ ለማውጣት ሲል ዘንድሮ የሚከፈለውን የማስገጠሚያና የሥልጠና ወጪ "የሥራ ማስኬጃ ነው" ብሎ ከታች ሲያነሳው ነው። ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ሕግ አውጡ፦ ከዘንድሮው በጀት የሚወጣ ሁሉ ከታች፣ የቀረው ሁሉ ከላይ። ጉምሩክ፣ ትራንስፖርት፣ ማስገጠሚያ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ወረቀትና ቀለም ሁሉ ከታች ይገባል።

የቸገረን ብር ሳይሆን ዶላር ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛ አገር ለዓመታት ዋናው ጥያቄ ይህ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ብሩን ይዞ የኤልሲ ወረፋ የሚጠብቅ ድርጅት ብዙ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤንፒቪውን ለብሩ ሳይሆን ለውጭ ምንዛሪው ነው ማካፈል ያለባችሁ።

ከኦፍሴቱ 8 ሚሊዮን ውስጥ 7ቱ በዶላር የሚከፈል ነው እንበል። ከዲጂታሉ 4፣ ከመቁረጫው 1.5 ሚሊዮን እንደዚሁ። ጄኔሬተሩን ግን እዚሁ ከነጋዴ በብር ታገኙታላችሁ። መቁረጫው ለእያንዳንዱ የ1 ብር ምንዛሪ 80 ሳንቲም ያተርፋል፣ ዲጂታሉ 44፣ ኦፍሴቱ 34 ገደማ። ጄኔሬተሩ ከወረፋው ጭራሽ ወጣ፤ ዶላር ስለማይሻማ ብሩ እስካለ ድረስ ይሠራል። በብር ሲለካ ከኦፍሴቱ በታች የነበረው በዶላር ሲለካ ማንንም ሳይጠብቅ አለፈ። የጠበበውን ነገር ለይታችሁ ካላወቃችሁ ኢንዴክሱ የተሳሳተ ወረፋ ነው የሚሰጣችሁ።

ከሁለት ማሽን አንዱን ብቻ መግዛት ቢኖርብን?

የመቁረጫው ትልቅ ወንድም አለ እንበል፦ ዋጋው 4.5 ሚሊዮን፣ የገቢው የአሁን ዋጋ 6 ሚሊዮን። ኤንፒቪው 1.5፣ ኢንዴክሱ 1.33 ነው። ሁለቱን አብሮ መግዛት ትርጉም የለውም።

ገደብ ባይኖር ትልቁ ያሸንፋል፣ 300 ሺህ ይበልጣላ። ገደብ ሲኖር የተጨማሪውን ብር ኢንዴክስ አስሉ። ተጨማሪው 1.5 ሚሊዮን ወጪ 1.8 ሚሊዮን ያመጣል፤ 1.20 ነው። በ12 ሚሊዮኑ ጥምረት መጨረሻ የገባው ጄኔሬተር 1.25 አለው። ስለዚህ ትልቁ መቁረጫ ወረፋውን አያልፍም። ጥምረቱን ደምራችሁ ብታዩትም ያው ነው። ትልቁ መቁረጫ ከገባ ጄኔሬተሩ ይወጣል፣ በቀረው ብር የምትገዙት መኪናውን ነው፣ ድምሩም 3.45 ላይ ይቆማል።

አንዱ ፕሮጀክት በሌላው ላይ የተመሠረተ ከሆነስ?

እንደ አንድ ፕሮጀክት ቁጠሯቸው። ኦፍሴቱ ያለ ጄኔሬተር የማይሠራ ከሆነ ወጪው 12፣ ኤንፒቪው የሁለቱ አንድ ላይ ሆኖ ይሰላል። ለየብቻ ካሰላችኋቸው መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆመውን ማሽን ገቢ ሙሉ አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ።

የሚቀጥለው ዓመት በጀትም ጠባብ ከሆነ?

ያኔ ኢንዴክሱ ብቻውን አይበቃም። አንድ ማካፈያ አንድ ገደብ ነው የሚይዘው። ዘንድሮ ትንሽ፣ ከርሞ ብዙ የሚፈጅ ፕሮጀክት በዘንድሮው ኢንዴክስ አምሮ ይታያል፣ ለከርሞ ግን በጀቱን ይበላዋል። ጀምስ ሎሪና ሊዮናርድ ሳቬጅ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1955 ነው ያነሱት። መፍትሔው በሁለቱም ዓመት ገደብ የተሰጠው `Solver` ነው። ከላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያዘጋጀ ሰው አንድ የወጪ አምድና አንድ ገደብ ቢጨምር ይደርስበታል።

ባንክ ብድር ስላልፈቀደልን ነው በጀቱ የጠበበው። ገደቡን እንዳለ እንቀበለው?

መጀመሪያ ገደቡን ያመጣው ማን እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። እንዲህ ሲሆን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን መለማመጥ ብዙም አይፈይድም። ሌላው ገደብ ግን ከቤት ነው፤ ባለቤቱ ወይም ቦርዱ "ዘንድሮ ከ11 ሚሊዮን በላይ አላወጣም" ያለው ነው። እሱ በቁጥር ይነጋገራል።

ንግግሩ እንዲህ ነው። በ11 ሚሊዮን ምርጡ ጥምረት 3.6 ሚሊዮን ያመጣል። በ12 ሚሊዮን ደግሞ 3.95። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛው ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ዋጋ አለው። አሁን አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት በ30 በመቶ ላበድራችሁ ቢል፣ ከዓመት በኋላ 1.3 ሚሊዮን ትከፍላላችሁ። በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 1.083 ሚሊዮን ነው፤ ብድሩ 83 ሺህ አስከፈላችሁ። 350 ሺህ ለማግኘት 83 ሺህ መክፈል ያዋጣል። መክፈያውም አይቸግርም፤ መቁረጫው ብቻውን በመጀመሪያው ዓመት 1.4 ሚሊዮን ያስገባል።

አሥራ ሦስተኛውን ሚሊዮን ግን በዚያው ዋጋ አትመኑት። በ13 ሚሊዮን ምርጡ ጥምረት ኦፍሴቱና ዲጂታሉ ናቸው፣ 4.15 ሚሊዮን ያመጣሉ። ጭማሪው 200 ሺህ ብቻ ነው። ደግሞም መቁረጫውና ጄኔሬተሩ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፣ የመክፈያ ዕቅዱም እንደገና መሠራት አለበት።